«ብሬን ስፈልግ ትሰጡኛላችሁ?»

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበቱ። በአንድ የግል ባንክ የማርኬቲንግ ክፍል ከተቀጠርኩ ስምንተኛ ወሬ ነው። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተዘጋጀ የቁጠባ ሂሳብ ማስታወቂያ እንድጽፍ ታዝዣለሁ፤ ግቢ በር ላይ የሚለጠፍ ፖስተርና በስልክ የሚላክ አጭር መልእክት። በእጄ የተሰጠኝ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «በተማሪ የቁጠባ ሂሳባችን የማራኪ ወለድ ምጣኔ ተጠቃሚ ይሁኑ። ዝቅተኛ የመክፈቻ መጠን ብር 25 ሲሆን፣ በዓመት 7 በመቶ ወለድ በዕለታዊ ቀሪ ሂሳብ ላይ ተሰልቶ በየወሩ ገቢ ይደረጋል። የኤቲኤም ካርድ በነፃ ይሰጣል። ውልና ደንቦች ተፈጻሚ ይሆናሉ።» አለቃዬ «ተማሪው እንዲረጋጋ አድርገሽ አቅልዪው» አሉኝ። ሳቀልለው የሕፃናት መዝሙር ይመስልብኛል፣ ካልነካሁት ደግሞ ማንም አያነበውም። ከየት ልጀምር?
ግራ የገባት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ ከዓመታት በፊት ለአንድ ባንክ የዚህ ዓይነት ማስታወቂያ ከጻፍኩ በኋላ ውጤቱን ለማየት አንድ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ካለ ቅርንጫፍ አጠገብ ግማሽ ቀን ቆሜ ነበር። የምዝገባ ሳምንት ነው። ሁለት ፍሬሽማን ልጆች የእኔ ፖስተር ፊት ለፊት ቆመዋል። አንደኛው ፖስተሩን ከላይ እስከ ታች አየውና ወደ ጓደኛው ዞሮ፣ «ሚኒመሙ ስንት ነው?» አለ። መልሱ ፖስተሩ ላይ ተጽፏል፤ «ዝቅተኛ የመክፈቻ ቀሪ ሂሳብ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጓደኛው «እንጃ፣ ገብተህ ጠይቅ» አለው። ልጁ ኪሱን ዳበስ አድርጎ፣ «መቶ ብር ይዤ ብገባ አያሳፍሩኝም?» አለና ሁለቱም ሳይገቡ ሄዱ።

ያን ቀን የገባኝ ነገር ለአንቺም የሚጠቅም ይመስለኛል። ልጁ የከበደው ቃሉ ብቻ አልነበረም። በልቡ የያዘው ጥያቄ አለ፣ ጽሑፌ ግን ለሌላ ጥያቄ መልስ ይሰጣል። አንቺ «ሳቀልለው መዝሙር ይሆንብኛል» ያልሽው ከዚህ የሚመጣ ነው። የባንኩን ሐሳብ እንዳለ ይዘሽ ቃላቱን ብቻ ስታሳንሺ ጽሑፉ የልጅ ይሆናል። የተማሪውን ጥያቄ ይዘሽ ቀጥታ ስትመልሺ ግን ጽሑፉ አጭርና ቁም ነገር ያለው ይሆናል፣ ማንንም አያሳንስም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠይቁትን ስሚ። እኔ ከዚያ ወዲህ በየግቢው ደጋግሜ የሰማሁት ከአራት አይበልጥም፦ በስንት ይከፈታል፣ ስፈልግ ይወጣል ወይ፣ ምን ትቆርጡብኛላችሁ፣ ቢጠፋስ? እዚህ ውስጥ «ወለዱ ስንት ነው» የሚል እንደሌለ ልብ በዪ። የዶርም ልጅ ገንዘብ ምን እንደሆነ አስቢ። ቤተሰብ በሴሚስተሩ መጀመሪያ የላከለት፣ ወይም ኖን ካፌ ከሆነ በየወሩ ለምግብ የሚሰጠው ነው። ሎከር ውስጥ ቢያኖረው ይሰረቃል ብሎ ይሰጋል፤ ኪሱ ውስጥ ቢይዘው ላውንጅ ላይ ያልቃል። ባንክ የሚፈልገው ብሩ ከራሱ እጅም ከሌባም እንዲርቅለት፣ ሲቸግረው ግን በዚያው ቀን እንዲያገኘው ነው። «ማራኪ የወለድ ምጣኔ» የሚለውን ከርዕሱ አውርጂው ብዬ የምመክርሽ ለዚህ ነው። ወለዱ የራሱ ቦታ አለው፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ቃላቱን እንይ። «ሂሳብ» ለባንክ ሠራተኛ አካውንት ነው፤ ለተማሪ ግን መጀመሪያ ማትስ፣ ቀጥሎም ካፌ ውስጥ የሚከፈለው ነው። በግቢ «አካውንት ከፈትክ?» ነው የሚባባሉት፤ አንቺም «አካውንት» ብለሽ ጻፊ። «ቆጥቡ» የሚለውም ያሳስበኛል። ቃሉ ትክክል ነው፣ ግን «ከዚህ ተቆጠብ» ከሚለው ጋር ዘመድ ስለሆነ ጆሮ ላይ ትእዛዝና ክልከላ ይሸታል። እናት ልጇን «ይቺን አስቀምጣት» ነው የምትለው። «ማስቀመጥ» በሚለው ቃል ውስጥ ብሩ ተመልሶ እንደሚወሰድ አለ፤ ተማሪው የሚፈራው ደግሞ መውሰድ አይቻል ይሆን ብሎ ነውና ቃሉ ብቻውን ግማሽ ሥራ ይሠራልሻል። «ገቢ ይደረጋል» ከማለት «ይገባላችኋል»፣ «ወጪ ማድረግ» ከማለት «ማውጣት» በዪ።

አጠራሩን አስቀድመሽ ወስኚ፤ አማርኛ ይህን ሳትወስኚ አንድ ዓረፍተ ነገር አያስጽፍሽም። ባንኮች «ይሁኑ፣ ይጠቀሙ» ይላሉ። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ «እርስዎ» ሲባል አክብሮቱ ሩቅ ይሆንበታል፤ «ይህ ለአባቴ ነው» ብሎ ያልፋል። «አንተ» ካልሽ ሴቶቹን ከፖስተሩ አስወጣሻቸው፣ «ትችያለሽ/ትችላለህ» እያልሽ በእዝባር ብትሄጂ ደግሞ የመንግሥት ቅጽ ይመስላል። እኔ ለተማሪ ሁልጊዜ «እናንተ» እላለሁ። ጾታ አይለይም፣ አያርቅም፣ ደግሞም ተማሪ ባንክ የሚመጣው ሁለትና ሦስት ሆኖ ነው። ባንኩም «እኛ» ብሎ ይናገር። «ወለድ ይታሰባል» ሲባል አሳቢው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ «ወለድ እናስብላችኋለን» ሲባል ግን ኃላፊነት የወሰደ ሰው አለ። ይህ «እኛ» ከየትኛውም «አስተማማኝ» የሚል ቅጽል የበለጠ ያረጋጋል።

አሁን ወደ ወለዱ። እዚህ ላይ ከሌላው የበለጠ ጥንቃቄ የምትሺ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ቀላል ለማድረግ ሲባል ውሸት የሚገባው በዚህ በር ነው። 7 በመቶ የሚለው ቁጥር ለብዙ ተማሪ ትርጉም የለውም፤ በብር ንገሪው። ግን በብር ስትነግሪው ስሌቱን በትክክል ሥሪ። በየወሩ መጀመሪያ 200 ብር የሚያስቀምጥ ተማሪ ውሰጂ። በአሥራ ሁለት ወር 2,400 ብር ይሆንለታል። የችኮላ ጸሐፊ የ2,400 ብር 7 በመቶ 168 ነው ብሎ «168 ብር ወለድ ታገኛላችሁ» ይላል። እኔም በጀማሪነቴ እንዲሁ ልጽፍ ስል አንድ የሂሳብ ክፍል ባልደረባ አስቁሞኛል፤ እስካሁን አመሰግነዋለሁ። 168 ብር የሚገኘው 2,400ው ብር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ባንክ ውስጥ ቢሆን ነበር። ይህ ተማሪ ግን በትንሽ በትንሹ ነው ያስገባው። የመጀመሪያዋ 200 ብር አሥራ ሁለት ወር ስለቆየች 14 ብር ታመጣለች። የመጨረሻዋ 200 ብር የቆየችው አንድ ወር ብቻ ስለሆነ የምታመጣው 1 ብር ከ17 ሳንቲም ነው። በመሃል ያሉትን ሁሉ ስትደምሪ 91 ብር ይሆናል። ወለዱ በየወሩ ስለሚገባ እሱም በተራው ትንሽ ስለሚወልድ፣ ወደ 93 ብር ይጠጋል። ከዚያ ደግሞ ከወለዱ ላይ ግብር ይቀነሳል። ስለዚህ ፖስተሩ ላይ የሚጻፈው «ወደ 90 ብር፣ ከግብር በፊት» ነው። ከ168 ያንሳል፣ ግን ዓመቱ ሲያልቅ ተማሪው ስልኩን ከፍቶ ሲያየው የሚያገኘው ቁጥር ከተነገረው ጋር ይስማማል። 168 ብለሽው 90 ቢያገኝ፣ «ከወለዴ ግማሹን በሉብኝ» ብሎ ለዶርሙ ሁሉ ይነግራል።

ይህን ከመጻፍሽ በፊት ኦፕሬሽን ክፍል ሄደሽ አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ ወለዱ የሚታሰበው በርግጥ በየቀኑ ባለው ብር ላይ ነው፣ ወይስ በወሩ ውስጥ ዝቅ ባለበት መጠን ላይ? ልዩነቱ ለተማሪ ትልቅ ነው። ወሩ ሲገባ 1,000 ብር የነበረው ልጅ በ25ኛው ቀን 900 ብር ቢያወጣ፣ በመጀመሪያው አሠራር የሃያ አራቱ ቀን የ1,000 ብር ወለድ ይታሰብለታል። በሁለተኛው ግን ወሩን ሙሉ 100 ብር ብቻ እንደነበረው ይቆጠራል። የተሰጠሽ ጽሑፍ «ዕለታዊ ቀሪ ሂሳብ» ይላል፤ እውነት ከሆነ «ብራችሁ እኛ ዘንድ ያደረበት እያንዳንዱ ቀን ይቆጠራል» ብለሽ ጻፊው። «ያደረበት» የሚለው ቃል የባንኩን ሦስት ቃል ተክቶ ይሠራል።

«ብራችሁ ያድጋል፣ ያብባል» የሚል ግን አትጻፊ። በአገራችን የዋጋ ንረቱ በቅርብ ዓመታት ከ7 በመቶ በላይ ሆኖ ቆይቷል፣ ተማሪውም እንጀራና ፎቶ ኮፒ እየገዛ ያውቀዋል። ለምረቃ ልብስ፣ ለጂሲ ወጪ፣ ለክረምት መሳፈሪያ የምታስቀምጡት ብር ሳይበተን ይቆይላችኋል ብትዪ እውነቱ ያ ነው፤ እሱም ራሱ የሚፈልገው ያንን ነው። ሌላም አለ። በየግቢው ወለድ በሃይማኖቱ ምክንያት የማይቀበል ተማሪ ብዙ ነው፣ ለእሱ ወለድን ርዕስ ያደረገ ፖስተር ገና ከሩቅ «ይህ ለአንተ አይደለም» ይለዋል። ባንካችሁ ከወለድ ነፃ አገልግሎት ካለው አንዲት መስመር ስጪው፤ በትንሽ ፊደል ሳይሆን ከሌላው ጋር እኩል አድርገሽ።

ማረጋጋት የሚባለው ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ። አለቃሽ ሲያዝዙሽ ምናልባት በአእምሯቸው ያለው «አስተማማኝ፣ ምቹ፣ ያለምንም ሐሳብ» ዓይነት ቃል ይሆናል። እነዚህ ቃላት ማንንም አረጋግተው አያውቁም። የሚያረጋጋው ሰውዬው የሚፈራውን ነገር በስሙ ጠርተሽ፣ ምን እንደሚሆን ስትነግሪው ነው። «የኤቲኤም ካርድ በነፃ» የሚለውን ውሰጂ። ተማሪው ሲያነበው «የቱ ነው ነፃ?» ይላል። ካርዱ? ማደሻው? ጠፍቶበት ምትክ ሲያወጣ? በሌላ ባንክ ማሽን ሲያወጣስ? አንድ ጊዜ አብሬው የሠራሁት ባንክ (ስሙን ልተወው) «ምንም ክፍያ የለውም» ብሎ ለጥፎ ነበር። የመጀመሪያው ካርድ በርግጥ ነፃ ነው፤ ነገር ግን በሌላ ባንክ ማሽን ያወጣ ሁሉ ይቆረጥበታል፣ ያ ግቢ ውስጥ ደግሞ የቆመው ማሽን የሌላ ባንክ ነበር። የተቆረጠው ሳንቲም ነው፣ ቅያሜው ግን ሴሚስተሩን ሙሉ አልበረደም። «ምንም»፣ «ሁልጊዜ»፣ «ሙሉ በሙሉ» የሚሉትን ቃላት ከጽሑፍሽ አውጪያቸው፤ በምትካቸው ነፃ የሆነውንና የማይሆነውን ጎን ለጎን አስቀምጪ። «የመጀመሪያው ካርድ ነፃ ነው፤ ከጠፋ ምትኩ ይህን ያህል ያስከፍላል» የሚል ዓረፍተ ነገር፣ ክፍያ እያለበት እንኳ፣ «ነፃ» ብቻ ከሚለው ይልቅ ያረጋጋል። አንባቢው «ሌላ የተደበቀ የለም ማለት ነው» ይላልና።

«በፈለጋችሁ ቀን ታወጣላችሁ» የምትዪም ከሆነ፣ አካውንቱ ከተከፈተ በኋላ ካርዱ በስንት ቀን እንደሚደርስ ጠይቂ። አንድ ሳምንት የሚፈጅ ከሆነ በዚያ ሳምንት ውስጥ ያለው እሑድ ቅርንጫፉ ዝግ ነው፣ ልጁም በስልክ ካልተመዘገበ ብሩን አያገኘውም። መፍትሔው በእጃችሁ ነው፦ አካውንቱን ሲከፍት በዚያው ወንበር ላይ ሞባይል ባንኪንጉን እንዲያስጀምሩለት ቅርንጫፉን አስማሚ፣ ከዚያ ጻፊ። ማስታወቂያ ጸሐፊ አንዳንዴ ዓረፍተ ነገሩን እውነት ለማድረግ አሠራሩን ማስቀየር ይኖርባታል፤ ይህ ከሥራሽ ውጪ አይደለም።

«ቢጠፋስ» ለሚለው ትልቅ ጥያቄ ባንክሽ ያልተጠቀመበት መልስ አለ። በኢትዮጵያ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ተቋቁሟል፤ አንድ ባንክ መክፈል ቢያቅተው ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል። የተማሪ ገንዘብ ከዚህ በታች ስለሆነ በተግባር ያለው ሁሉ ይሸፈናል ማለት ነው። ግን ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። ይህን ርዕስ አታድርጊው፤ ስለ መክሰር ያላሰበን ልጅ እንዲያስብ ማድረግ ነው፣ ከታች በኩል በሙሉ ዓረፍተ ነገር ተቀምጦ ለሚፈልገው ይገኝ። ደግሞም «ብራችሁ ዋስትና አለው» ብለሽ አትቁረጪው። ልጁ የሚስጥር ቁጥሩን ለጓደኛው ሰጥቶ ቢወሰድበት መድኑ የሚከፍለው ይመስለዋል፤ አይከፍልም። ምን ሲሆን እንደሚሸፍን አብሮ ይጻፍ።

የሕግ ክፍላችሁ «ውልና ደንቦች ተፈጻሚ ይሆናሉ» የሚለው እንዳይወጣ ይሟገት ይሆናል። አትጣዪው። «ከደንቦቹ ውስጥ ተማሪን የሚነኩት የትኞቹ ናቸው?» ብለሽ ጠይቂው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ይሆናሉ። አንደኛው ለረጅም ጊዜ ያልተነካ አካውንት የሚተኛ መሆኑ ነው። ብሩ አይጠፋም፣ ግን ለማስነሣት መታወቂያ ይዞ ቅርንጫፍ መሄድ ያስፈልጋል። ከተመረቀ በኋላ አገሩ የገባ ልጅ ይህን ሳያውቅ «ወረሱብኝ» ብሎ ያማል። ስንት ወር እንደሆነ ጠይቀሽ አንድ ዓረፍተ ነገር አድርጊው። ሌላው ዕድሜ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ አንዳንድ ልጆች አሥራ ስምንት ዓመት ስለማይሞላቸው ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ መክፈት ላይችሉ ይችላሉ። ይህን በር ላይ ከሚሰሙት ፖስተሩ ላይ ቢያነቡት ይሻላል።

ስለ ስልክ መልእክቱ አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ግን 70 ብቻ ነው፣ ክፍት ቦታውና አራት ነጥቡ ተቆጥሮ። ከ70 ካለፈ ለሁለት ይከፈላል፣ ባንኩም የሁለት ይከፍላል። ስለዚህ አንድ ፍርሃት ብቻ ነው መመለስ የምትችዪው። እኔ ብሆን ይህን እልክ ነበር፦

«የተማሪ አካውንት በ25 ብር ይከፈታል። በፈለጋችሁ ቀን ታወጣላችሁ። ፋይዳ ይዛችሁ ኑ።»

54 ነው፤ ለባንኩ ስም 16 ፊደል ይተርፍሻል። ፖስተሩ ደግሞ፣ እስካሁን ያልኳቸውን ሁሉ ጠይቀሽ እውነት ሆነው ካገኘሻቸው፣ እንዲህ ይሁን፦

«25 ብር ይበቃል።
የተማሪ አካውንት በ25 ብር እንከፍትላችኋለን። የፋይዳና የተማሪ መታወቂያችሁን ይዛችሁ ኑ። አሥራ ስምንት ዓመት ካልሞላችሁ ከወላጅ ወይም ከአሳዳጊ ጋር ኑ።
ብራችሁን በፈለጋችሁ ቀን በካርድ ወይም በስልክ ታወጣላችሁ። የመጀመሪያው ካርድ ነፃ ነው፤ ከጠፋ ምትኩ 100 ብር ነው። በሌላ ባንክ ማሽን ስታወጡ ትንሽ ይቆረጣል፣ በእኛ ማሽን አይቆረጥም።
በየወሩ መጀመሪያ 200 ብር አስቀምጣችሁ ዓመቱን ባትነኩት፣ 2,400 ብራችሁ ላይ ወደ 90 ብር ወለድ እንጨምራለን፤ ከወለዱ ላይ ግብር ይቀነሳል። ወለድ ለማትፈልጉ ከወለድ ነፃ አካውንት አለን።
ባንኩ መክፈል ቢያቅተው፣ እስከ 100,000 ብር ድረስ ያስቀመጣችሁትን የተቀማጭ ገንዘብ መድን ይሸፍናል።»

100 ብሩን ለምሳሌ ነው ያስቀመጥኩት፤ የባንካችሁን ትክክለኛ ዋጋ ተኪበት። አካውንቱ የሚተኛበትን ወር አልጻፍኩም፤ ቁጥሩን ስታገኚ ከካርዱ መስመር በታች አስገቢው።

ከማተምሽ በፊት ወረቀቱን ይዘሽ ወደ አንድ ግቢ ሂጂና ሦስት ልጆች ለየብቻ አስነብቢ። «ገባችሁ ወይ?» አትበያቸው፤ ሁሉም «አዎ» ይልሻል። ወረቀቱን ከእጃቸው ተቀብለሽ፣ «ካርድህ ቢጠፋ ምን ይሆናል? ዓመቱ ሲያልቅ ስንት ብር ይኖርሃል? ነገ ጠዋት ብር ቢቸግርህ ከየት ታወጣለህ?» ብለሽ ጠይቂ። ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ከተደናቀፉ ጥፋቱ የዚያች ዓረፍተ ነገር ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ መቶ ብር ይዘው ቢሆን ይገቡ እንደሆነ ጠይቂያቸው፤ ያ ልጅ ሳይገባ የሄደው በዚያች ጥያቄ ነበር።